ከጠቅታው በፊት፣ ከጠቅታው በኋላ፦ የሶፍትዌር ማሳያ ንግግር ዳሰሳ

አንድ ባለሙያ የሒሳብ ፕሮግራም ለገዢ ሲያሳይ እጁና አፉ ለየብቻ ይሠራሉ። እጁ ማውስ ይዞ ሜኑ ይከፍታል፣ ቁጥር ያስገባል፣ ጠቅ ያደርጋል፤ አፉ የሚሆነውን ያስረዳል። ችግሩ የሁለቱ ርዝመት አለመመጣጠኑ ነው። ጠቅታው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው፤ ስለ ጠቅታው የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ግን አራትና አምስት ሰከንድ ይሄዳል። ስለዚህ ለጀማሪ አቅራቢዎች ዘወትር የሚሰጠው “እየሠራህ ተናገር” የሚለው ምክር ጥያቄውን ሳይመልስ ያልፈዋል። ጠቅታው ከዓረፍተ ነገሩ የትኛው ክፍል ላይ ይረፍ? መጀመሪያው ላይ፣ መሐሉ ላይ ወይስ ካለቀ በኋላ? በዚህ ዳሰሳ የምሟገትለት መልስ ይህ ነው፦ ቦታውና ዓላማው ከጠቅታው በፊት ይነገር፤ ስክሪኑ በሚለወጥባት ቅጽበት አፍ ዝም ይበል፤ ትርጉሙ ደግሞ ለውጡ ከታየ በኋላ ይምጣ። ይህ የአቀራረብ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዓይንና ጆሮ እንዴት ተባብረው እንደሚሠሩ ከተደረጉ ጥናቶች የሚወጣ መደምደሚያ ነው። ጥናቶቹ ግን ለየብቻ ሲነበቡ እርስ በርስ የሚጣረሱ ይመስላሉ፤ ለዚህም ነው አንድ ላይ ማየት የሚያስፈልገው።

ብዙዎች የሚጠቅሱት የሪቻርድ ሜየርን ሥራ ነው። ሜየርና አንደርሰን በ1991 ባወጡት ጥናት የብስክሌት ጎማ መንፊያ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ምስል ተጠቀሙ። አንዱ ቡድን ምስሉንና ንግግሩን አንድ ላይ አገኘ፤ ሌላው ንግግሩን ሙሉ ከሰማ በኋላ ምስሉን አየ። የተማሩትን ተጠቅሞ አዲስ ችግር በመፍታት አንድ ላይ ያገኙት በለጡ። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፦ ቃሉን ከምስሉ ጋር ለማያያዝ ሁለቱም በአእምሮ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊገኙ ይገባል፤ የሰው አጭር ትውስታ ደግሞ ብዙ አይዝም። ከዚህ በመነሣት ቃልና ጠቅታ ፈጽሞ መለያየት የለባቸውም የሚል ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን ከማስረጃው አልፎ ይሄዳል። በ1999 ሜየርና ባልደረቦቹ ያንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ፈተኑት። ንግግሩንና ምስሉን በትናንሽ ቁራጮች ከፋፍለው እየተፈራረቁ እንዲመጡ አደረጉ፤ ትንሽ ንግግር፣ ከዚያ ትንሽ ምስል፣ እንደገና ትንሽ ንግግር። በዚህ ጊዜ የተፈራረቀው አንድ ላይ ከመጣው አላነሰም። ጉዳት ያመጣው መቀዳደሙ ሳይሆን በመካከል የተከማቸው ብዛት ነበር ማለት ነው። ለማሳያ አቅራቢ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው። ቁራጩ እስካነሰ ድረስ ቃሉ ጥቂት ሰከንድ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ተመልካቹ አይጎዳም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በሌላ መመዘኛ መምረጥ ይቻላል።

ያንን መመዘኛ ለማግኘት የሚረዳ ቀደም ያለ ጥናት አለ። ፓትሪሺያ ባጌት በ1984 ባወጣችው ሥራ የመገጣጠሚያ ዕቃ ክፍሎችን ከነስማቸው የሚያስተዋውቅ ፊልም አዘጋጀች። ድምፁን ለአንዳንዶች ከምስሉ ጋር አስተካከለች፤ ለሌሎች በ7፣ በ14 ወይም በ21 ሰከንድ አስቀደመች ወይም አዘገየች። የክፍሎቹን ስም ለማስታወስ የተሻሉት ሁለት ቡድኖች ነበሩ፦ ድምፅና ምስል እኩል የመጣላቸውና ምስሉ ከድምፁ በ7 ሰከንድ የቀደመላቸው። ስም ከምስሉ ሲቀድም ውጤቱ ወረደ። ላይ ላዩን ሲታይ ይህ የእኔን ሐሳብ የሚያፈርስ ይመስላል፤ ቃል ከጠቅታ በፊት ይምጣ እያልሁ ነውና። ነገር ግን በባጌት ፊልም ውስጥ ቃሉ ስም ነበር፤ ስም ደግሞ የሚሰየመው ነገር ካልታየ የሚያርፍበት የለውም። በሶፍትዌር ማሳያ ውስጥ ከጠቅታው በፊት የሚነገረው ቁልፍ ግን ገና ሳይነካ ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል፤ ተመልካቹ እያየው ነው የሚሰየመው። ገና ያልታየው ጠቅታው የሚያመጣው አዲስ ገጽ ነው። እንግዲህ የባጌት ውጤት በትክክል ሲነበብ የሚለው ይህንን ነው፦ ስክሪኑ ላይ ያለውን አሁን ሰይም፤ ገና የሚመጣውን ከመምጣቱ በፊት አትግለጽ። “አሁን የሚከፈተው ገጽ በግራ በኩል የደንበኞች ዝርዝር፣ በቀኝ የቀሪ ሒሳብ ሠንጠረዥ ይኖረዋል” ብሎ ገጹን የሚከፍት ሰው ተመልካቹን በሌለ ምስል ላይ ስም እንዲለጥፍ እያስገደደው ነው።

በሰከንድ ከሚለካው ወደ ሚሊሰከንድ ስንወርድ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠራል። ሮጀር ኩፐር በ1974፣ ማይክል ታነንሃውስና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1995 እንዳሳዩት ሰው ፊቱ ስላሉ ነገሮች ሲነገረው ዓይኑ ቃሉን ተከትሎ ይሄዳል። ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ቃሉ ሲጠራ፣ አንዳንዴም ቃሉ ሳያልቅ፣ እይታው ወደ ነገሩ ይዞራል። አንድ የዓይን ዝላይ ለመነሣት 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ተራ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ፕሮጀክተር ላይ የወጣ የንግድ ፕሮግራም ገጽ ብዙ ቁልፍ፣ ሣጥንና ቁጥር ይይዛል፤ ተመልካቹም ገጹን ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ዝላዩ ትክክለኛው ቦታ ላይ ለማረፍ ፍለጋ ይፈልጋል፤ ፍለጋው አንድና ሁለት ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ቦታው ሳይነገር ጠቅ የተደረገ ቁልፍ ለአቅራቢው የታወቀ ነው፤ ለተመልካቹ ግን ገጹ በድንገት የተለወጠ ብቻ ነው። ምን ተነክቶ እንደተለወጠ አላየም።

ሌላው ማስረጃ የሚመጣው ለውጥን ስላለማየት ከተደረጉት ጥናቶች ነው። ሬንሲንክ፣ ኦሬገንና ክላርክ በ1997 ሁለት ፎቶዎችን በመካከላቸው አጭር ባዶ ብልጭታ እያስገቡ ሲያፈራርቁ ሰዎች ትልልቅ ልዩነቶችን እንኳ ሳያዩ ረጅም ጊዜ ይቆዩ ነበር። በ1999 ደግሞ ኦሬገንና ባልደረቦቹ ባዶ ብልጭታ እንኳ እንደማያስፈልግ አሳዩ፤ ለውጡ በሚሆንበት ቅጽበት ሌላ ቦታ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ብቅ ካለ ይበቃል። የሶፍትዌር ገጽ ሲቀየር የሚሆነው ይኸው ነው፦ ገጹ ለቅጽበት ይነጣል፣ የመጫኛው ክብ ይሽከረከራል፣ ማሳወቂያ ከጥግ ብቅ ይላል፤ በዚህ ሁሉ መሐል ሊታይ የሚገባው አንድ ቁጥር ተለውጧል። ተመልካቹ ያንን ቁጥር እንዲያይ ዓይኑ ቀድሞ እዚያው መቀመጥ አለበት። በዚያች ቅጽበት አቅራቢው ስለ ሌላ ነገር እያወራ ከሆነ፣ ቃሉ ዓይኑን ወደ ሌላ ቦታ ይጠራዋል። ዝምታው የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሳይሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ፣ ስክሪኑ ረግቶ ዓይን እስኪያርፍ ድረስ።

እስካሁን የጠቀስኋቸው ጥናቶች የተደረጉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ የማሳያ መመሪያዎችም እንዲሁ። በአማርኛ የሚያሳይ ሰው ግን የተለየ የዓረፍተ ነገር አካሄድ ነው በእጁ ያለው፤ ይህም በጊዜ አጠባበቁ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። እንግሊዝኛ ትእዛዙን አስቀድሞ የሚነካውን ነገር ያስከትላል፤ ቦታውን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይጨምረዋል። አማርኛ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ “በስተቀኝ ከታች ያለውን ሰማያዊ ቁልፍ እጫናለሁ” ስንል መጀመሪያ አቅጣጫው፣ ከዚያ መልኩ፣ ከዚያ ነገሩ፣ በመጨረሻ ድርጊቱ ይመጣል። ዓይን ቃልን ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ይህ ቅደም ተከተል ከዓይን ሥራ ጋር የሚገጥም ነው። “በስተቀኝ ከታች” ሲባል ፍለጋው ወደ አንድ ጥግ ይጠባል፤ “ሰማያዊ ቁልፍ” ሲባል ያርፋል፤ “እጫናለሁ” ሲባል ጠቅታው ይሰማል፣ አፍም እዚያው ይዘጋል። የማውሱ ቀስትም አብሮ መሄድ አለበት፦ አቅጣጫው ሲነገር ይነሣ፣ ነገሩ ሲጠራ ደርሶ ይቁም፣ ግሡ እስኪመጣ አይንቀሳቀስ። ቀስቱን በቁልፉ ዙሪያ ማሽከርከር የተለመደ ነው፤ ሆኖም የሚንቀሳቀስ ነገር ዓይንን ወደ ራሱ ስለሚስብ ተመልካቹ ቁልፉን ትቶ ቀስቱን ያያል።

ይሁንና አማርኛ በዚሁ አካሄዱ አንድ ወጥመድ ይዟል። ግሥን ሳንዘጋ ብዙ ድርጊት ማስከተል እንችላለን፦ “ደንበኛውን መርጠን፣ ዕቃውን አስገብተን፣ ብዛቱን ጽፈን፣ ዋጋውን አስተካክለን፣ እናስቀምጣለን”። በጽሑፍ የሚያምር አካሄድ ነው። በማሳያ ላይ ግን እጅ ከአፍ የሚለይበት ዋናው ምክንያት እሱ ይመስለኛል። አቅራቢው “ዕቃውን አስገብተን” በሚልበት ጊዜ እጁ፣ ሥራውን በልምድ ስለሚያውቀው፣ ብዛቱን ጽፎ ጨርሷል፤ “ብዛቱን ጽፈን” ሲል ገጹ ተቀምጧል። ተመልካቹ የብዛት ሣጥኑን ለማየት ሲዞር ሣጥኑ የለም። ዘዴው ሰንሰለቱን መበጠስ ነው፦ አንድ የተዘጋ ግሥ ለአንድ ጠቅታ። “ደንበኛውን እመርጣለሁ።” ጠቅታ። “ዕቃውን አስገባለሁ።” ጠቅታ። ለጆሮ ትንሽ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፤ ዓይን ግን ይከተለዋል።

አንድ የሥራ ቅንጣት ወስደን በዝርዝር እንየው። የጽሕፈት መሣሪያ አስመጪ ለሆነ ድርጅት የሒሳብ ፕሮግራም እየታየ ነው እንበል፤ ገዢዎቹ የፋይናንስ ኃላፊዋና የመጋዘን ኃላፊው ናቸው። ሊያዩት የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ ሽያጭ ሲመዘገብ ቫቱም ስቶኩም በራሱ ይስተካከላል። ዕቃው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው፤ መጋዘን ውስጥ 120 ካርቶን አለ፤ 20 ካርቶን እያንዳንዱ በ2,500 ብር ሊሸጥ ነው። መጥፎው አቀራረብ የሚከተለውን ይመስላል። አቅራቢው የዕቃውን ስም እየመረጠ “ይኼ ሲስተም ቫቱን ራሱ አስልቶ፣ ከስቶክ ቀንሶ፣ ወደ ሌጀር ያስተላልፋል” ይላል። “ከስቶክ” በሚልበት ጊዜ `Save` የሚለውን ተጭኗል፤ “ሌጀር” በሚልበት ጊዜ የስቶክ ሪፖርቱን ከፍቷል፤ ሪፖርቱ ላይ 100 የሚል ቁጥር ቆሟል። የመጋዘን ኃላፊው 100ን ያያል፤ ነገር ግን 120 እንደነበረ አላየም። ስለዚህ 100 ለእርሱ ምንም አልነገረውም። ንግግሩ ትክክል ነበር፤ ፕሮግራሙም ሠርቷል፤ ማስረጃው ግን ለተመልካቹ አልደረሰም።

ይኸው ሥራ በተስተካከለ ጊዜ ሲሄድ የሚጀምረው ከስቶክ ሪፖርቱ ነው። “እዚህ መሐል ላይ ያለውን የወረቀቱን ብዛት እንይ፤ 120 ካርቶን።” ቀስቱ ቁጥሩ አጠገብ ይቆማል። ከዚያ የሽያጭ ገጹ ይከፈታል፤ ገጹ እስኪረጋ ምንም አይነገርም። “ከላይ በግራ ያለውን የደንበኛ ሣጥን እሞላለሁ” ይባልና ይሞላል። ብዛት 20 ሲገባ ድምሩ 50,000 ብር ይሆናል፤ ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ ብዙ አያስወራም። ቀጥሎ የሚመጣው ግን መታየት አለበት፤ ስለዚህ ከጠቅታው በፊት ዓይን ይላካል፦ “ከታች የቫት መስመሩ ባዶ ነው፤ እሱን እዩልኝ።” ጠቅታ፣ ዝምታ፣ 7,500 ብቅ ይላል። ከዚህ በኋላ ብቻ ነው ትርጉሙ የሚነገረው፦ “15 በመቶውን ማንም አላሰላም፤ ዕቃው ሲመዘገብ ቫት የሚከፈልበት ተብሎ ስለተቀመጠ ነው፤ ጠቅላላው 57,500 ሆነ።” ፋይናንስ ኃላፊዋ ጥያቄ ካላት የምትጠይቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ፊቷ ስላለ ጥያቄዋም ስለሱ ይሆናል። በመጨረሻ `Save` ይጫናል፣ ወደ ስቶክ ሪፖርቱ ይመለሳል፤ “ያው መሐል ላይ ያለው ብዛት” ይባላል፤ 100 ሲታይ የመጋዘን ኃላፊው ራሱ ይናገረዋል። ተጨማሪው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ፤ ከጠቅታው በፊት “የት እዩ” ተባለ እንጂ “ምን ይሆናል” አልተባለም። ልዩነቱ ከትምህርታዊ ጥቅሙ በላይ አቅራቢውንም ይጠብቀዋል። ሚያዝያ 20 ቀን 1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በቺካጎ በተካሄደው ኮምዴክስ፣ ቢል ጌትስ መድረክ ላይ ቆሞ ሳለ የዊንዶውስ 98 ማሳያ ላይ ስካነር ሲሰካ ሰማያዊው የብልሽት ስክሪን መጣ። የዚያ ማሳያ ክፍል ፍሬ ነገር ኮምፒውተሩ አዲስ ዕቃን በራሱ እንደሚያውቅ ማሳየት ነበርና ውድቀቱ ከቃሉ ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ። ማንኛውም የቀጥታ ማሳያ ሊበላሽ ይችላል። ውጤቱ አስቀድሞ ያልተነገረ ከሆነ ግን የመጣውን አይቶ ስለመጣው መናገር ይቻላል፤ ቀድሞ የተነገረ ከሆነ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር የተባለውን መሻር ነው የሚሆነው።

ፕሮግራሙ ሲዘገይ ምን ይደረግ? የኮምፒውተር ምላሽን በተመለከተ ያኮብ ኒልሰን በ1993 መጽሐፉ ያሰፈራቸው ሦስት ወሰኖች እዚህም ያገለግላሉ፦ እስከ 0.1 ሰከንድ ያለ ምላሽ ወዲያውኑ የሆነ ይመስላል፤ እስከ 1 ሰከንድ የሐሳብን መስመር አይበጥስም፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ትኩረት ይበተናል። እስከ ሁለትና ሦስት ሰከንድ የሚዘልቅ ጭነት በዝምታ ማለፍ ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚወስድ ሪፖርት ከሆነ ዝምታው አስጨናቂ ይሆናል፤ ያንን ጊዜ በአዲስ ርእስ መሙላት ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም ሪፖርቱ የሚመጣው አቅራቢው ስለ ሌላ ነገር ዓረፍተ ነገር መሐል ሳለ ነው። የሚሻለው ሪፖርቱ ሲመጣ ምን ላይ እንደሚታይ መናገርና፣ በማንኛውም ቅጽበት ሊቋረጥ የሚችል አጭር አጭር ነገር መርጦ ማውራት ነው፤ የመረጃው ምንጭ ከየት እንደሆነ፣ ስንት ወር እንደሚሸፍን። ስክሪኑ ሲለወጥ ዓረፍተ ነገሩ ቢቆረጥም አይጎዳም።

ስብሰባው በኢንተርኔት ሲሆን ደግሞ ጊዜው ከአቅራቢው እጅ ይወጣል። ድምፅና የተጋራ ስክሪን በተለያየ መንገድ ነው የሚጓዙት። ድምፅ ትንሽ ስለሆነ ቅድሚያ ተሰጥቶት ይደርሳል፤ ሙሉ በሙሉ የተለወጠ ገጽ ግን ትልቅ ምስል ስለሆነ ዘግይቶ ወይም መጀመሪያ ደብዝዞ ይመጣል። ለቴሌቪዥን የወጣው የአይቲዩ ምክረ ሐሳብ ሰው ድምፅ ከምስል በ45 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀድም ወይም በ125 ገደማ ሲዘገይ ልዩነቱን መለየት እንደሚጀምር ያስቀምጣል። በደካማ መስመር ላይ የስክሪን መዘግየት ሙሉ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ ደንበኛ የሚያሳይ ሰው፣ ከጠቅታው ጋር እኩል የተናገረው ቃል እዚያ ከጠቅታው ቀድሞ ይሰማል። ይህን ለማወቅ አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ በሌላ ስልክ፣ ከዋይፋዩ ተለይቶ በሞባይል ዳታ፣ እንደ ተመልካች ወደ ስብሰባው መግባትና ድምፁን ዘግቶ ስክሪኑን ማየት። ጠቅታው እዚያ ሲደርስ ትርጉሙ ይጀመራል። የቅደም ተከተሉ ጥቅም እዚህ ጎልቶ ይታያል፤ በጠቅታውና በትርጉሙ መካከል ዝምታ ያስቀመጠ ሰው መዘግየቱን የሚውጥ ክፍተት አስቀድሞ አዘጋጅቷል፤ እኩል በእኩል የሚናገር ግን ምንም የለውም።

አንዳንድ ድርጅቶች አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲነካ ያደርጋሉ። ሥራን መከፋፈል አዲስ አይደለም፤ ዳግላስ ኤንግልባርት ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሳን ፍራንሲስኮ ማውስን ለሕዝብ ባሳየበት የ90 ደቂቃ ማሳያ፣ እርሱ ራሱ እየነካ ሲናገር ቢል ኢንግሊሽ ከኋላ ሆኖ የትኛው ምስል በስክሪኑ ላይ እንደሚወጣ ይመራ ነበር። ተናጋሪና ነኪ ሲለያዩ ግን ነኪው መቼ እንደሚነካ ማወቅ አለበት። አማርኛ እዚህ ላይ ምቹ ነው፤ የሚዘጋው ግሥ ራሱ ምልክት ይሆናል። “እንጫናለን” ሳይሰማ አይነካም። ሁለቱ በዚህ ከተስማሙ ሌላ ጥቅሻ አያስፈልጋቸውም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱን ከባድ ናቸው ብዬ እወስዳለሁ። የመጀመሪያው ልምድ ያላቸው ተመልካቾችን ይመለከታል፦ ሌላ ሒሳብ ፕሮግራም ለዓመታት የተጠቀመ ሰው “ከላይ በግራ ያለውን” እየተባለ ሲመራ ይሰላቻል፤ እንደ ሕፃን የተቆጠረም ይመስለዋል። ይህ እውነት ነው፤ መልሱም ሁሉም ጠቅታ እኩል ክብደት የለውም የሚል ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ ደንበኛን መምረጥና ብዛትን ማስገባት በአንድ ትንፋሽ ማለፍ ይቻላል፤ ማንም በእነሱ ምክንያት ፕሮግራሙን አይገዛም። ሙሉው ሥርዓት፣ ቦታ፣ ዝምታ፣ ትርጉም፣ የሚያስፈልገው ለቫቱና ለስቶኩ ብቻ ነው። በአንድ ማሳያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ጠቅታዎች ከጥቂት አያልፉም። የትኞቹ እንደሆኑ ቀድሞ ያልለየ አቅራቢ ግን ወይ ሁሉን ያዘገያል፣ ወይ ሁሉን ያሮጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተቀርጾ የተስተካከለ ቪዲዮ እያለ በቀጥታ መድከም ለምን ይላል። በቪዲዮ ቃሉን ከጠቅታው ጋር በአንድ ፍሬም ልክ ማስተካከል፣ የገጽ ጭነትን መቁረጥ፣ ቁልፉን ማጉላት ይቻላል፤ ለሥልጠና ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ገዢ ግን ቪዲዮን እንደ ማስረጃ አይቀበልም፤ የተቆረጠው ምን እንደሆነ አያውቅምና። ቀጥታ ማሳያ ዋጋ የሚኖረው የመጋዘን ኃላፊው “20ውን ትተህ 130 አድርገው፤ ስቶክ ውስጥ የሌለ ነገር ይሸጣል?” ብሎ ማስቆም ስለሚችል ነው። ይህን ሊጠይቅ የሚችለው ደግሞ 120ን ካየ ብቻ ነው። ያኔ አቅራቢው የሚያደርገው ያንኑ ነው፦ “የብዛት ሣጥኑን እዩ፤ 130 አስገባለሁ” ይልና ይጫናል፤ ፕሮግራሙ እንቢ ይበል ወይም ይፍቀድ፣ መልሱ ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ሁሉም አብረው ይጠብቃሉ።